ከአፍ በፊት እጅ፦ የ25 ሰከንድ ማስታወቂያ በአንድ የመንዝ በርኖስ

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለእጅ ሙያተኞች አጫጭር የቪዲዮ ማስታወቂያ እሠራለሁ። መሣሪያዬ ስልክ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ ነው። ሰዎች ሲጠሩኝ ቀድመው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ቪዲዮዬን ሰው ለምን አያየውም?» ስልካቸውን ተቀብዬ ስከፍተው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሦስተኛው ሰከንድ ሳይሞላ ይታየኛል። ሎጎ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ሙዚቃው ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ ከዚያ አንድ ድምፅ «ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ይላል። ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ላይ ያለ ሰው አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገ ነው የሚያየው። ሰላምታው ሳያልቅ እሱ ሌላ ቪዲዮ ላይ ደርሷል።

እነዚህን የመጀመሪያ ሰከንዶች የሙያው ሰዎች ሁክ ይሏቸዋል፤ እኔ መንጠቆ እላቸዋለሁ። መንጠቆ እንዴት እንደሚሠራና የቀረው ማስታወቂያ ከእሱ ጋር እንዴት እንደሚታሰር ከአንድ ሥራ ጋር እያያዝኩ ላሳያችሁ። ሥራው ከመንዝ በርኖስ እያመጡ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሸጡ አንዲት እናት የሠራሁት ነው። በርኖስ ማለት ከመንዝ በግ ጸጉር በእጅ ተፈትሎ የሚሸመን፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ጥቁር ካባ ነው። እትዬ (እንዲህ ነው የምጠራቸው) አዲስ አበባ ያሉ ገዢዎች ላይ መድረስ ፈልገው ነበር።

ሰላምታው የት ይግባ

እትዬ በመጀመሪያው ቀን ንግግራቸውን ወረቀት ላይ አስጽፈው ጠበቁኝ። ሰላምታ ነበረው፣ የሱቁ ስም ነበረው፣ አድራሻው ነበረው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ነበረው። ሰላምታው ከመጀመሪያው ይውጣ ስላቸው ደነገጡ።

«ልጄ፣ ሰላም ሳልል ሰው ቤት እገባለሁ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ሰላም ሳይሉ ወሬ መጀመር ነውር ነው፤ ይህን ነውር በዋዛ ማለፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ገበያ ቀን ሰው በፊትዎ ሲያልፍ ምን ይላሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «ምንም አልልም። በርኖሱን እዘረጋዋለሁ።» ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው በአየር ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። «ያኔ ይቆማል። ሲቆም ሰላም እለዋለሁ።»

መንጠቆ ማለት ያ መዘርጋት ነው። ቪዲዮውን የሚያየው ሰው ገና ቤታችን አልገባም፤ በደጅ እያለፈ ነው። ለሚያልፍ ሰው የሚዘረጋለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሰላምታው ከቆመ በኋላ ይደርሳል። እትዬ ይህን እንደተረዱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ሥራ ጀመርን።

አማርኛ ለሦስት ሰከንድ

ከሰላምታው ሌላ ደግሞ የቋንቋችን ጠባይ የሚያመጣው ችግር አለ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ የሚገልጸው ሁሉ ከፊት ይሰለፋል። እትዬ ያስጻፉት ንግግር ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤

«በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኘውና ለረጅም ዓመታት በባህል አልባሳት ሽያጭ የሚታወቀው ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የመንዝ በርኖሶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ ቀርቧል።»

ቁጠሩት፤ 19 ቃል ነው። «በርኖስ» የሚለው ቃል የሚመጣው 15ኛው ላይ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ፣ ስልኬ ላይ እየቀዳሁ እንደለካሁት ሰው ሳይጣደፍ ሲናገር በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ነው የሚወጣው። በዚህ ልክ ተመልካቹ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚሰማው ሰባተኛው ሰከንድ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ምን ሊል እንደፈለገ የሚያውቀው ደግሞ ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ ነው ማለት ነው። ሬዲዮ ላይ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ አድማጩ ጣቢያውን ከፍቶ ወደ ሌላ ሥራ ስለሚሄድ ነው። ስልክ ላይ ግን ያ ጊዜ የለም።

ስለዚህ የመክፈቻውን ንግግር ስትጽፉ ሦስት ነገር ጠብቁ። ከአምስት ቃል አይለፍ። «የሚገኘው»፣ «የሚታወቀው»፣ «የጠበቁ» የሚሉት ዓይነት ገላጮች አንድም አይኑሩበት። ግሱ ደግሞ ተመልካቹ ዓይኑ እያየ ያለውን ነገር የሚደግም አይሁን። እጃችሁ ውሃ እያፈሰሰ ከሆነ «አፈሰስኩ» ማለት አያስፈልግም፤ እሱን ምስሉ ተናግሮታል። ቃሉ ምስሉ ያላለውን አንድ ነገር ይጨምር። እኛ መጨረሻ ላይ የያዝነው «ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩት» የሚል ነው፤ አራት ቃል፣ ሁለት ሰከንድ።

መንጠቆውን ገዢው ውስጥ መፈለግ

ጥሩ መንጠቆ ተቀምጦ በማሰብ አይገኝም። ሻጩ ጋ ሄዳችሁ «ገዢ ዕቃውን ሲያነሳ ቀድሞ ምን ይጠይቃል? ቀድሞስ ምን ይነካል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እንዳለ ጻፉት። እትዬ የነገሩኝ አራት ጥርጣሬ ነው፤ እውነት የበግ ጸጉር ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ዝናብ ያስገባል? ይከብዳል? ያሳክካል?

ቀጥሎ እያንዳንዱን ጥርጣሬ «ይህን በእጅ ማሳየት ይቻላል?» ብላችሁ ፈትኑት። ማሳከክ በምስል አይታይም፤ ስለዚህ ወጣ። ክብደት ይታያል፤ ግን ሚዛን ላይ ማስቀመጥና ቁጥር ማንበብ ይጠይቃል፤ በሦስት ሰከንድ አይደርስም። ሁለት ቀሩ። ዝናቡን በውሃ ማሳየት ይቻላል። ጸጉር መሆኑን ደግሞ በእሳት ማሳየት ይቻላል፤ ከበርኖሱ አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ሲያስጠጉበት የበግ ጸጉር ይኮማተራል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ጫፉ በጣት ሲታሽ እንደ አመድ ይደቃል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ክር ጎን ለጎን ማቃጠል ግሩም መንጠቆ ነው፤ ሁለተኛው ምርጫዬ ያ ነበር።

እነዚህ ድርጊቶች የሚይዙት ያላለቁ በመሆናቸው ነው። ውሃ ልብስ ላይ ሲፈስ ያየ ሰው «ይገባ ይሆን?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳያይ መሄድ ይከብደዋል። «ምርጥ በርኖስ» የሚል ጽሑፍ ግን ጥያቄ አያስነሳም፤ ተነብቦ ያልቃል። የሚያምር መልክዓ ምድርም እንዲሁ ነው። ከጣርማ በር አናት ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ቆላው የተቀረጸ ምስል አስደናቂ ነው፤ ለማስታወቂያ መክፈቻ ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። ተመልካቹ «ያምራል» ብሎ ያልፋል። ይህን የምለው እኔ ራሴ መጀመሪያ አካባቢ የሠራኋቸውን ሥራዎች በሙሉ በመልክዓ ምድር እከፍት ስለነበር ነው።

ከመቅረጽ በፊት እውነቱን መፈተን

ካሜራ ሳታወጡ ድርጊቱን ሞክሩት። እኛ ለእትዬ የእህት ልጅ ነጭ ሸሚዝ አልብሰን በላዩ በርኖሱን ደረብንለትና አንድ ሲኒ ውሃ ትከሻው ላይ ቀስ ብለን አፈሰስን። ያልታጠበ የበግ ጸጉር የራሱ ቅባት ስላለው ውሃውን ወዲያው አይጠጣም፤ ጠብታው ጸጉሩ ጫፍ ላይ እየተንከባለለ ወደ ታች ወረደ። ሸሚዙን ነካነው፤ ደረቅ ነው። ሁለተኛውን ሲኒ እዚያው ቦታ ላይ አፈሰስን፤ አሁንም ደረቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ሸሚዙ ላይ የሳንቲም የሚያህል እርጥበት ታየ።

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ አቁሞ «ውሃ አያስገባም» ማለት ይቻላል፤ ማንም ከቪዲዮው አያውቅም። ግን ገዢው ዝናብ ላይ ያውቀዋል፤ በማግስቱም ኮሜንት ላይ ይጽፈዋል። የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል መሆኑም አይረሳ። እትዬን ስጠይቃቸው ሳያመነቱ «ለካፊያ ነው እንጂ ለዶፍ አይሆንም፤ መንዝም እንዲሁ ነው የሚባለው» አሉኝ። ይህችን ንግግር እንዳለች ወሰድኳት፤ የማስታወቂያው መሐል ሆነች። ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሻጭ ሌላው ንግግሩም ይታመናል።

የ25 ሰከንዱ አካሄድ

መንጠቆው ጥያቄ ካነሳ የቀረው ማስታወቂያ ያንኑ ጥያቄ መመለስ አለበት። በጣም የተለመደው ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ በውሃ ጀምሮ አራተኛው ሰከንድ ላይ ወደ ሱቁ ታሪክ መሄድ። ተመልካቹ እንደተታለለ ይሰማዋልና ይሄዳል። የእኛ አደራደር ይህ ነው።

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ። ምስሉ በቅርበት ነው፤ የሰው ትከሻ፣ ግማሽ ፊት፣ ጥቁር በርኖስ፣ በላዩ የምትፈስ ሲኒ ውሃ። የእትዬ ድምፅ፤ «ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩት።»

ከ3 እስከ 9። ጠብታው ይወርዳል፤ ልጁ በርኖሱን ገልጦ ነጭ ሸሚዙን ያሳያል፤ የእትዬ እጅ ሶፍት ሸሚዙ ላይ ጫን አድርጎ ያነሳል፤ ሶፍቱ ደረቅ ነው። «ከስሩ ደረቅ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ነው፤ በእንዝርት የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ።» «በእንዝርት» ሲሉ የሚሽከረከር እንዝርት ለአንድ ሰከንድ ይታያል። ተጨማሪ የሚገባው ምስል ይህ ብቻ ነው።

ከ9 እስከ 16። እትዬ ራሳቸው በርኖስ ለብሰው ማለዳ በር ላይ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይታያል። «ለካፊያ ይሆናል፤ ለዶፍ አይሆንም። ለብርድ ግን እኛ ደብረ ብርሃን የምንለብሰው ይሄንኑ ነው።» ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚህ ነው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም የሚሉትም እዚሁ ነው፤ ያለ ቃል።

ከ16 እስከ 20። በርኖሱ ተዘርግቶ፣ ዋጋው በትልቅ ቁጥር ተጽፎ። «ለትልቅ ሰው አንድ ልክ ነው፤ ዋጋው ይኸው ተጽፏል።» ዋጋ መጻፍ የማይወዱ ነጋዴዎች አሉ፤ «ይደውሉና ይጠይቁ» ይላሉ። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ ላይ ስልክ የሚደውለው አብዛኛው ሰው ዋጋ ጠይቆ የሚዘጋ ነው፤ የነጋዴውን ቀን ይበላል። ዋጋውን አይቶ የጻፈ ሰው ግን ለመግዛት የተቃረበ ነው።

ከ20 እስከ 25። «በቴሌግራም ‹በርኖስ› ብላችሁ ጻፉልኝ፤ አዲስ አበባ በመኪና እልካለሁ።» የሚጠየቀው አንድ ድርጊት ብቻ ነው። ስልክ፣ ቴሌግራም፣ የሱቅ አድራሻና «ገጻችንን ፎሎው አድርጉ» በአንድ ላይ ሲደረደሩ ሰው አንዱንም አያደርግም። «በርኖስ» የሚለውን ቃል እንዲጽፉ የጠየቅነው መልእክቱ ከዚህ ማስታወቂያ መምጣቱን እትዬ እንዲለዩበት ነው። የሱቁ ስምና ሎጎ የሚታዩት እዚህ መጨረሻ ላይ ነው።

ንግግሩ በሙሉ ሲቆጠር 43 ቃል ነው። በሰከንድ ሁለት ቃል ሲሰላ 21 ሰከንድ ተኩል ይወስዳል፤ ለዝምታ ሦስት ሰከንድ ተኩል ይተርፋል። ያ ትርፍ ያስፈልጋል። ሶፍቱ ሲነሳ ማንም መናገር የለበትም።

ጥቁር ልብስና የደጋ ነፋስ

መጀመሪያ የቀረጽነው በርኖሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነበር። ድምፁን አጥፍቼ ሦስቱን ሰከንድ ብቻ ለአንድ ጎረምሳ አሳየሁትና ስልኩን ወሰድኩበት። «ምን አየህ?» ስለው «አስፋልት ላይ ውሃ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በቅርበት የተቀረጸ ጥቁር ሸካራ ነገር ምን እንደሆነ አይለይም። ትከሻ ላይ ያደረግነው ከዚህ በኋላ ነው። የሰው አንገትና ጆሮ ምስሉ ውስጥ ሲገባ ልብስ መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ በዚያ ላይ በብርድ አገር ሰው ላይ ውሃ ሲፈስ የሚያይ ሰው ራሱ ይኮማተራል። ይህን ፈተና ለማንኛውም መንጠቆ አድርጉት፤ ድምፁን አጥፉ፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ሦስት ሰከንድ አሳዩት፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፤ ምን አየህ? ቀጥሎ ምን ይመጣል? ሁለተኛውን መመለስ ካልቻለ መንጠቆው ጥያቄ አላነሳም ማለት ነው። ድምፁን የምታጠፉት ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ያለ ድምፅ ስለሚጀምር ነው።

ስልክ ጥቁር ነገር ሲያይ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በርኖሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይነጣል፣ ጠብታው አይታይም። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ትከሻውን ተጭኖ በመያዝ ትኩረቱንና ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያ ጥቁሩ እውነት ጥቁር እስኪሆን በጣት ወደ ታች መሳብ ነው። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ስትል ወይም በአንድ መስኮት አጠገብ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ጎኗ ላይ ነጭ ነጥብ ይዛ ታበራለች፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ግን ያጠፋታል። ቅንብሩ ውስጥ በሰከንድ 60 ፍሬም ካለ እሱን ምረጡ፤ ውሃው በኋላ በዝግታ እንዲፈስ ሊደረግ ይችላል።

አንዴ የረጠበ ጸጉር እንደ መጀመሪያው ውሃ አያንከባልልም። ስለዚህ ደረቅ የሚፈልጉትን ምስሎች ሁሉ፣ በሩ ላይ መቆሙን፣ መዘርጋቱን፣ እንዝርቱን፣ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ውሃውን መጨረሻ ላይ ቅረጹ፤ በየሙከራው ቦታ ቀይሩ፤ መጀመሪያ ቀኝ ትከሻ፣ ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ጀርባ። በአንድ በርኖስ ሦስት ጥሩ ዕድል አለ፤ ከዚያ በኋላ ማድረቅ ነው።

ስለ ድምፅ አጭር ነገር ልበል። የደብረ ብርሃን ነፋስ የስልክ ማይክ ላይ ሲመታ ንግግሩ አይሰማም። የእትዬን ድምፅ ቤት ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በተጋረደበት ጥግ ለብቻው ቀድቼ ምስሉ ላይ አስገባሁት። የውሃውን ድምፅም እንዲሁ ለብቻው፣ ማይኩን አንድ ክንድ ያህል አስጠግቼ ቀዳሁ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው።

ቁረጣው

ብዙ መንጠቆ የሚበላሸው ኤዲቲንግ ላይ በግማሽ ሰከንድ ምክንያት ነው። ቀረጻው ሲጀምር እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲኒው ይነሳል፣ ሰውየው ይዘጋጃል። ያንን ሁሉ ጣሉት። የመጀመሪያው ፍሬም ሲኒው አዘንብሎ ውሃው አየር ላይ ያለበት ይሁን፤ ድርጊቱ መሐል ላይ ነው ተመልካቹ መድረስ ያለበት። የውሃውም ድምፅ ከመጀመሪያው ፍሬም ጋር እኩል ይጀምር። ሙዚቃ ካስገባችሁ ከሶፍቱ በኋላ ይግባ።

ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ቦታው ነው። ቲክቶክና ሪልስ ላይ የታችኛው ክፍል በመግለጫ፣ ቀኝ ጎኑ በምልክቶች ይሸፈናል፤ በ1080 በ1920 ልክ የተሠራ ቁም ቪዲዮ ላይ ጽሑፋችሁ ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ቢያደላ ምንም አይጋርደውም። ሁለተኛው ፊደሉ ነው። የአማርኛ ፊደል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ቀጭን ፎንት ስልክ ላይ «ሰ»ን ከ«ሱ» አያስለይም። እንደ `Noto Sans Ethiopic` ያለውን ፎንት በወፍራሙ ተጠቀሙ፤ ነጭ ፊደል በጥቁሩ በርኖስ ላይ። መክፈቻው ላይ የጻፍነው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ይገባ ይሆን?»

ቁጥሩን ማንበብ

አንድ መንጠቆ ብቻ ሠርታችሁ አትውጡ። ከሦስተኛው ሰከንድ በኋላ ያለውን እንዳለ ትታችሁ መክፈቻውን ብቻ ቀያይሩ። እኔ የውሃውንና የእሳቱን ሁለት ቅጂ አዘጋጀሁ። የእሳቱ ቅጂ «ከስሩ ደረቅ ነው» የሚለውን ትቶ «ጸጉር ነው፤ አይቀልጥም» ይላል፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር መግጠም ስላለበት ይህን ያህል ለውጥ የግድ ነው።

በፌስቡክና በኢንስታግራም የማስታወቂያ መቆጣጠሪያ በ`Ads Manager` ላይ መንጠቆ የሚለካው በዚህ ነው፤

```
3-second video plays ÷ Impressions × 100
```

ለምሳሌ ማስታወቂያው 2,000 ጊዜ ታይቶ 500 ጊዜ ሦስት ሰከንድ ከደረሰ ውጤቱ 25 በመቶ ነው፤ ሌላው መክፈቻ በተመሳሳይ ተመልካችና በተመሳሳይ ቀናት 700 ከደረሰ 35 በመቶ ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ይታመናል። መቶ ሰው ብቻ ካየው ግን 25 እና 30 በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት ነው፤ ቆዩ። ማስታወቂያ ሳትከፍሉ ቲክቶክ ላይ ብቻ ከለቀቃችሁት የቪዲዮው ትንታኔ ውስጥ ሰው በየትኛው ሰከንድ እንደሄደ የሚያሳየውን መስመር ተመልከቱ።

መስመሩ ገና ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ገደል ከገባ መክፈቻው አልያዘም፤ ሌላውን አትንኩ። መጀመሪያ ይዞ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ከወደቀ መንጠቆው ያነሳውን ጥያቄ ቶሎ አልመለሳችሁም። እኛ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቅጂ እንዝርቱ ከሶፍቱ ቀድሞ ይመጣ ነበርና መስመሩ እዚያው ላይ ይወርዳል። ሁለቱን ቦታ አለዋወጥኩ፤ ውድቀቱ ለዘብ አለ። መስመሩ እስከ መጨረሻው ደህና ሄዶ ማንም ካልጻፈ ደግሞ ችግሩ ዋጋው፣ ልኩ ወይም የመጨረሻው ጥሪ ላይ ነው፤ መንጠቆ መቀያየር ከንቱ ድካም ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ የሚዘለል ማስታወቂያ የምትለቁ ከሆነ የመዝለያው ቁልፍ ከ5 ሰከንድ በኋላ ስለሚመጣ ሶፍቱ ከዚያ በፊት እንዲነሳ መሐሉን አጥብቡ።

ከሁለቱ መክፈቻ ሰውን ይበልጥ ያቆመው የእሳቱ ነበር። መልእክቶቹን ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን ስናነብ ግን የእሳቱን አይተው የጻፉት ብዙዎቹ «የኔን ጋቢ እንዴት ልፈትነው?» ይላሉ፤ የውሃውን ያዩት «ለአባቴ ይሆናል? ስንት ቀን ይፈጃል?» ይላሉ። እሳቱ ክር የሚመረምር ሰው ጠራ፤ ውሃው ብርድና ዝናብ የሚያስበውን። እትዬ የሚሸጡት ለሁለተኛው ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ የውሃው ቅጂ ላይ አደረግን፤ የእሳቱን ደግሞ ክፍያ ሳይኖረው በገጻቸው ላይ ለቀቅነው። አሁን እትዬ «እውነት ጸጉር ነው?» ብሎ ለሚጽፍላቸው ሰው ሁሉ እሱኑ ይልካሉ።